በርበሬ የነካው አፍ ምን ይጠጣ?

ዶሮ ወጥ በቀረበበት ማዕድ ላይ አንድ እንግዳ ግንባሩን ማላብ፣ ዓይኑንም እንባ ማቅረር ሲጀምረው ባለቤቲቱ ፈጥና የምታነሣው የውኃውን ጆግ ነው። እንግዳው ይጠጣል። ውኃው አፉ ውስጥ እስካለ ድረስ እፎይ ይላል፤ እንደዋጠው ግን ቃጠሎው ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛ ብርጭቆ ይቀዳለታል። ሦስተኛውን ሲጨርስ ሆዱ በውኃ ተሞልቶ፣ ገና ያልተነካው እንጀራ ፊቱ ይቀራል። «ምነው፣ አልበላህም እኮ!» ሲባል ይሉኝታ ይይዘውና «ጠገብኩ» ይላል። ይህን በገዛ ቤተሰቤ ማዕድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባየሁ ቁጥርም ያሳዝነኛል፤ ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲከተፍና ሲቁላላ የዋለ ወጥ አጠገቡ የሚረዳው መጠጥ በማጣቱ ብቻ ሳይበላ ይነሣል።

ጠጅ ወይም ጠላ ለሚጠጣ እንግዳ ምን እንደሚቀርብ በየቤቱ ይታወቃል። ለማይጠጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ልጅ ሱቅ ተልኮ ለስላሳ በሳጥን ያመጣል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። የማይጠጣው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። አንዱ በሃይማኖቱ አይጠጣም፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ አንዱ መድኃኒት ጀምሯል፤ አንዱ ማታ መኪና ይነዳል። እነዚህ ሁሉ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቀዩን ወጥ ይበላሉ፣ ሚጥሚጣውንም ያጠቅሳሉ። ስለዚህ ለእነሱ የሚቀርበው መጠጥ ከወጡ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ለመምረጥ በመጀመሪያ ቃጠሎው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ማቃጠሉ እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር የጣዕም ጉዳይ አይደለም። አፋችን ውስጥ ትኩስ ነገር ሲነካን «ተቃጠልክ» ብለው የሚያስጠነቅቁ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ እነዚህ ጫፎች በተለመደው ጊዜ የሚነቁት ሙቀቱ ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ካፕሳይሲን ግን ምንም ሙቀት ሳይኖር ያነቃቸዋል። የሚነቃውን ተቀባይ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ለይተው አሳወቁ፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። እንግዳችን «አፌ ነደደ» ሲል፣ ነርቮቹ ለአንጎሉ የሚነግሩት ያንኑ ነው።

ካፕሳይሲን ውኃ ውስጥ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። የሚሟሟው በቅባት ነው። የኛ ወጥ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት፤ በርበሬው ከሽንኩርቱ ጋር ሲቁላላ ውሎ በንጥር ቅቤ ይዋሃዳል። ማቃጠሉ ቅቤው ውስጥ ገብቶ፣ ቅቤው ደግሞ ምላስና ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ውኃ ያንን ቅባት አልፎት ይሄዳል፤ ይባስ ብሎ ያልነደደው የአፍ ክፍል ድረስ ያዳርሰዋል። ውኃ የሚሰጠው እፎይታ የቅዝቃዜው ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜው ሲያልፍ እፎይታውም አብሮት ያልፋል።

ወተት ግን ይሠራል። ብዙ ሰው «ወተት ቅባት ስላለው ነው» ይላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን ሐሳቤን አስለወጠኝ። ሰዎችን የሚያቃጥል ነገር አስቀምሰው ውኃ፣ ኮላ፣ ጋዝ ያለው ውኃ፣ አልኮል የሌለው ቢራ፣ ስኳር ያለው የፍራፍሬ ጣዕም መጠጥ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተትና ሙሉ ወተት አጠጧቸው። ሁለቱ ወተቶች ከሁሉም በለጡ። ቅባቱ የወጣለትም ከሙሉው ወተት አላነሰም። እንግዲህ ዋናው ሠራተኛ ቅባቱ አይደለም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ነው፤ ካፕሳይሲኑን ይዞ ከአፍ ጠርጎ ይወስደዋል ተብሎ ይታሰባል። ከወተቶቹ ቀጥሎ ደህና የሠራው ስኳር ያለው መጠጥ ነበር። ጋዝ ያላቸው ግን ብዙም አልረዱም።

ቅባቱ ወጥቶ ፕሮቲኑ የቀረ ወተት ደግሞ ለኛ ቤት እንግዳ አይደለም፤ አሬራ ነው። እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ ኬዚኑ በሙሉ ውስጡ አለ። አሬራው እሳት ላይ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ይረጋና አይብ ይሆናል፤ ከላይ የሚቀረው ውኃማው ክፍል አጓት ነው። እናቶቻችን ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ጎን አይብ የሚያስቀምጡት ይህንኑ ፕሮቲን በጉርሻ መልክ እያቀረቡ ነው። አጓቱ ግን ኬዚኑ ስለወጣለት ለቃጠሎ እምብዛም አይረዳም። «ያው የወተት ነው» ብሎ አጓት ለሚነድ አፍ ማቅረብ ከውኃ ብዙም አይሻልም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማጀት ገብቼ ነገሩን በራሴ ላይ ሞከርኩት። የሻይ ማንኪያ ሩብ የምታህል አዋዜ በቁራሽ እንጀራ አድርጌ እበላለሁ፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ መጠጥ አፌ ውስጥ አስር ሰከንድ ያህል ይዤ እውጣለሁ። ወደሚቀጥለው መጠጥ ከመሄዴ በፊት ሩብ ሰዓት አርፋለሁ፤ ያለዚያ የፊተኛው ቃጠሎ ከኋለኛው ጋር ይደባለቃል። ውኃው እንደጠበቅሁት ሆነ። አምቦ ውኃው በመጀመሪያው ቅጽበት የተነደደው ምላሴን እንደ መርፌ ወጋው። ጋዙ ራሱ አፍ ውስጥ ወደ አሲድነት እየተለወጠ የሚቆነጥጥ ነገር ነው፤ የሚያቃጥለው በርበሬ ካለ ሁለቱ ይደራረባሉ። ብርዙ አለዘበው፣ ግን ቀስ ብሎ። አሬራው ከሁሉም ፈጥኖ አበረደልኝ፤ ከዋጥሁት በኋላም ቃጠሎው ባለበት ኃይል አልተመለሰም። ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ እንግዳ ከመጋበዝ በፊት ቢሞክረው ደግሞ ይመረጣል፤ የየቤቱ አዋዜ ኃይል ይለያያልና።

ይህን ይዘን ባለፈው ዓመት ከገና በኋላ በነበረው እሑድ እኅቴ ቤት ስምንት እንግዶች ጋበዝን። የሚቀርበው ዶሮ ወጥ፣ በአዋዜ የተጠበሰ ዝልዝል ጥብስና ክትፎ ከነሚጥሚጣው ነበር፤ ከጎኑ አይብና ጎመን። ከእንግዶቹ አልኮል የሚጠጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ባልና ሚስቱ ጎረቤቶቻችን የጴንጤ አማኞች ናቸው፤ አንዷ የእኅቴ ጓደኛ ስድስተኛ ወሯ ነው፤ አጎታችን ስኳር ሕመም አለባቸው፤ የአክስታችን ልጅ ባል ጀርመናዊ ነው፣ በርበሬ አልለመደም፤ የቀሩት ሦስቱ የእኅቴ የሥራ ባልደረቦች ሲሆኑ ሁለቱ በየመኪናቸው ነው የመጡት። የጾም ቀን ስላልነበረ ወተት የማይነካ ሰው አልነበረም። ደግነቱ ሥጋ በሚበላበት ቀን ወተትም ይፈቀዳል፤ በጾም ወቅት ቢሆን ሁለቱም የሉም።

አሬራ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ እርጎን በውኃ ማቅጠን ያው ነው። ሁለት ሊትር እርጎ በአንድ ሊትር የቀዘቀዘ ውኃ በጥብጠን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረን በወንፊት አሳለፍነው። ሦስት ሊትር ለአሥራ አምስት ብርጭቆ ይበቃል፤ ለስምንት ሰው በአማካይ ሁለት ብርጭቆ ገደማ ቢደርስ ማለት ነው። ዋናው ምርመራ እርጎው ላይ ነው። በጣም የኮመጠጠ እርጎ ቃጠሎውን ያበርድና በአሲዱ ደግሞ ይነካካል። ከዋዜማው አንድ ማንኪያ ቀምሳችሁ ዓይናችሁን ካስጨፈናችሁ፣ ግማሹን በትኩሱ ባልኮመጠጠ እርጎ ለውጡት። ውኃው ሙቅ ከሆነ መጠጡ ይቋጠራል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሲቆይ ወፍራሙ ወደ ታች ስለሚዘቅጥም በቀዱ ቁጥር ጆጉን ማማሰል ያስፈልጋል። በረዶ ግን አትጨምሩበት፤ እየቀለጠ ያቀጥነዋል፣ የምንፈልገው ደግሞ ፕሮቲኑን ነው።

እርጎው ከምን ወተት እንደተሠራ መጠየቅ አለበት። ሳይፈላ ከረጋ ወተት የተሠራ እርጎ የብሩሴሎሲስና የመሳሰሉ በሽታዎች ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደጋው ይብሳል። የእኅቴ ጓደኛ ስለምትመጣ ወተቱን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ በራሳችን ዕቃ አረጋነው። ለሷ የቀረበው ክትፎም ለብለብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው እርጎና አሬራ ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል ጣል ያደርጋል፤ ሽታው ከሥጋ ጋር በጣም ይስማማል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም ባትጠጣ ይሻላታል፤ ማሕፀን ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ቅጠሉን ያስቀመጥነው በአንዱ ጆግ ብቻ ነበር፤ ለሷ የተለየው ጆግ በሰማያዊ ክዳኑ ይታወቅ ነበር።

ወተት ለማይወድ ወይም ወተት ሆዱን ለሚነፋው እንግዳ ብርዝ አዘጋጀን። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከወተቱ ስኳር የተወሰነውን ስለሚበሉት ብዙ ወተት የማይስማማቸው ሰዎች እርጎን ይችሉታል፤ ሁሉም ግን አይችልም። ብርዝ ጠጅ ከመሆኑ በፊት ያለው የማር ውኃ ነው፤ ጌሾ አይገባበትም። ሙስሊም ወገኖቻችን በበዓልና በሠርግ የሚጠጡት፣ ለምንወያይበት ጉዳይ ከሁሉ በላይ ልምድ ያለው መጠጥ ነው። አንድ ብርጭቆ ማር በስድስት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ማሟሟት፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ ማቀዝቀዝ፤ ሥራው ይኸው ነው። ማሩ ከበዛ ከወጡ ጋር አይሄድም፤ ጣፋጭነቱ የቅመሙን ጣዕም ይሸፍነዋል። በስድስት ላይ ጣዕሙ አለ፣ ግን የወጡን ቦታ አይቀማም።

ብርዝ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ዕድሜው ላይ ነው። ማር ውስጥ የተፈጥሮ እርሾ አለ፤ ውኃ ሲያገኝ ይነቃል። ሙቀት ባለበት ቤት ሁለት ሦስት ቀን ቢቀመጥ ወደ አልኮል ያመራል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይይዛል፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ይተነፍሳል፣ ጣፋጩ ቀንሶ ቆንጠጥ የሚያደርግ ጣዕም ይመጣል። አልኮል በሃይማኖት ለማይጠጣ እንግዳ እንዲህ ያለውን ብርዝ ማቅረብ ከባድ ስሕተት ነው፤ እንግዳው አምኖን ነው የሚጠጣው። እኛ የበጠበጥነው በዚያው ጠዋት ነበር፤ ማታ ድረስም ፍሪጅ ውስጥ ቆየ። ለልጆችም ጥሩ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም።

ስለ ቅነቶም ተጠይቀን ነበር። ከገብስ የሚሠራ፣ ጣፈጥ ያለና ብዙ ሰው «አልኮል የለውም» ብሎ የሚያስበው መጠጥ ነው። ቤት የተሠራ ቅነቶ ግን እንደቆየበት ቀን ይለያያል፤ ጥቂት አልኮል ሊኖረው ይችላል። በብዙ አገሮች ደግሞ «አልኮል የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ቢራ እስከ 0.5 በመቶ አልኮል እንዲይዝ ይፈቀድለታል። ይህ ለሹፌሩ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በሃይማኖቱ ለማይጠጣው ግን ይሆናል። የምንችለው መጠጡ ምን እንደሆነ ለእንግዳው ነግሮ ምርጫውን ለራሱ መተው ነው።

ለአጎታችን ማርም ስኳርም ስለማይሆን ተልባ ተዘጋጀላቸው። ተልባው በምጣድ ለስለስ ባለ እሳት ይቆላል፤ መንጣጣት ሲጀምር ይወርዳል። ከዚህ ካለፈ ይመራል፣ ያንን ምሬት ደግሞ ማርም አያድነውም። ተወቅጦ ተነፍቶ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሲቀመጥ ዝቃጩ ይወርድና ከላይ ያለው ዝልግልግ ይላል። የተልባ ረድኤት ያ መዝለግለጉ ነው፤ ምላስንና ጉሮሮን ሸፈን አድርጎ ያለሰልሳል። እንደ አሬራ ካፕሳይሲኑን ጠርጎ አይወስድም፤ በርበሬው ሲወርድ ጉሮሮ የሚፋጃቸውን ሰዎች ግን በጣም ይረዳል። የተወቀጠ ተልባ ቀናት ከቆየ ቅባቱ ይበላሽና ሽታው ይለወጣል፤ የዕለቱን በዕለቱ መውቀጥ ነው።

ጥር ማታ አዲስ አበባ ይበርዳል፤ አጎታችን ቀዝቃዛ ነገር ጉሮሯቸውን ይይዛቸዋል። «ልጄ፣ ፍሪጅ የገባ አታምጪብኝ» አሏት እኅቴን። ተልባቸውም አሬራቸውም ለብ ያለ ቀረበ። ቅዝቃዜ የራሱን እፎይታ ይጨምራል እንጂ የአሬራው ሥራ በቅዝቃዜ አይወሰንም።

አንዱ የለወጥነው ነገር ጊዜው ነበር። ቀድሞ መጠጥ የሚቀርበው እንግዳው ሲጠይቅ ነው፤ ያኔ አፉ ነዷል። ያን ማታ አሬራው ገና እንጀራው ሲዘረጋ በየፊታቸው ነበር። ጀርመናዊው ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት አንድ ሁለት ጉንጭ ጠጣ፣ ከዚያም በየሦስት አራት ጉርሻው። ቃጠሎ ወዲያው ሳይሆን ዘግየት ብሎ ነው የሚከርረው፤ ባልለመደ ሰው ላይ ገና ሳይከርር አፉን ማለስለስ ይሻላል። ዶሮ ወጡን ጨረሰ፤ ክትፎውን በሚጥሚጣ ሲሞክር ላብ ወጣው፣ ግን አልተወውም። የለስላሳ ጠርሙሶችም ነበሩ፤ ሳይከፈቱ የቆዩት ማዕዱ እስኪነሣ ድረስ ነው። አምቦ ውኃም ያን ጊዜ ነው የቀረበው። ቅባቱ የበዛ ጥብስ በልቶ ላበቃና አፉ ለቀዘቀዘ ሰው ጋዙ ደስ ይላል፤ በሚነድ አፍ ላይ ግን አይደለም። ወፍራም የአቮካዶ ጁስም ተጠቁሞ ነበር፤ እሱ ግን ብቻውን ምግብ ስለሚሆን ከእንጀራና ከወጥ ጋር ማቅረብ እንግዳውን ሳይበላ ማጥገብ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ነገሩ ይቀልላቸዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየሱቁ የሚሸጠው ለበን፣ በጀርመን የቱርክ ሱቆች የሚገኘው አይራን፣ በአሜሪካ በተርሚልክ የሚባለው፣ ሁሉም የአሬራ ዘመዶች ናቸው። አይራን ጨው ስላለው ሌላ ጨው አይጨመርበትም፤ በተርሚልክ ወፍራም ነውና ጥቂት ውኃ ይፈልጋል። በእስራኤል ያሉ፣ የምግብ ሕጉን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ግን ሥጋና ወተት አንድ ማዕድ ላይ አያቀርቡም። ለእነሱ የሚሆነው ከጾም ማጀታችን የሚመጣው ሱፍ ነው። ሱፉን ቀቅሎ፣ ከውኃ ጋር ፈጭቶ፣ በጨርቅ ሲያጠልሉት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ኬዚን የለውም፤ የራሱ ቅባት ግን ካፕሳይሲኑን በመጠኑ ያሟሟዋል፣ ጥቂት ማርም ቢጨመርበት ማለስለሱን ያግዘዋል።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ የቀረው ቡና ነበር። በርበሬ የነካው አፍ ላይ የፈላ ነገር ሲገባ የቃጠሎው ነርቭ እንደገና ይነቃል፤ ከዶሮ ወጥ ቀጥሎ ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ቡና ግን አጣድፎን አያውቅም። እኅቴ ጥሬውን አጥባ ቆላችው፤ ጭሱ ለእያንዳንዱ እንግዳ ዞረ፤ ተወቀጠ፤ ጀበናው ተጣደ። አቦሉ ሲቀዳ ከመጨረሻው ጉርሻ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል አልፏል፤ አፍ ሁሉ ቀዝቅዟል። የእኅቴ ጓደኛ ግን ስኒውን ወደ ጎን አድርጋ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው ጆግ ውስጥ የቀረ እንዳለ ጠየቀች። አንድ ብርጭቆ ቀርቶ ነበር።